በፓራፋንጎ ላይ ያለች ሩብ ሚሊ ሜትር

አዲስ መኪና ፊት የቆመ ሰው ዓይኑ ቆርቆሮው ላይ ያረፈ ይመስለዋል። የሚያየው ግን በአብዛኛው በክሊሩ ላይ የተንጸባረቀውን ሰማይ፣ የሕንፃ ጠርዝና የመብራት መስመር ነው። የቦዲውን ቅርጽ ለዓይናችን የሚነግሩን እነዚህ ነጸብራቆች ናቸው። ጣሪያው ላይ የተሰቀለ የረጅም አምፖል መስመር ከፓራፋንጎው ተነሥቶ እስከ ኋላ በር ድረስ በእርጋታ ከፈሰሰ ሥራው የተዋጣ ነው እንላለን። መሐል መንገድ ላይ ድንገት ከታጠፈ ደግሞ ምክንያቱን መናገር ባንችልም ቅር ይለናል። ያቺ እጥፋት የምትመጣው እጅ ዳስሶ በቀላሉ ከማያገኛት፣ ከሩብ ሚሊ ሜትር ብዙም ከማትበልጥ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ነገሩን ከፊት ፓራፋንጎ አንጻር እንየው፤ ማለትም ከፊት ጎማ በላይ ካለው፣ ከፊት መብራት እስከ በሩ ከሚደርሰው ክፍል። ይህ ክፍል ሲመረት አንድ ቆርቆሮ ነው፤ በቅርጽ ማውጫ ተጨፍልቆ ይወጣል። በኮምፒዩተር ላይ ሲሠራ ግን አንድ አይደለም። በበሩ በኩል ዝርግ ነው፤ ከጎማው በላይ ወደ ውጭ ያብጣል፤ ወደ መብራቱ ሲጠጋ ወደ ውስጥ ይዞራል። ይህን ሁሉ ጠባይ በአንድ ወጥ ገጽ ለመግለጽ ከሞከሩ ገጹ ባልተፈለገበት ቦታ ይዋዥቃል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ፓራፋንጎውን እያንዳንዳቸው ረጋ ባሉ ጥቂት ቁራጭ ገጾች ይከፍሉታል። የሥራው ፈተና ታዲያ ቁራጮቹን መሥራቱ ሳይሆን ማጋጠሙ ነው። ገዢው ቁራጭ መኖሩን በጭራሽ ማወቅ የለበትም።

ይህ አሠራር የተጀመረው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። በ1959 ፖል ደ ካስተልዦ የተባለ የሒሳብ ሰው በሲትሮኤን ኩባንያ የቦዲን ቅርጽ በጥቂት ነጥቦች መግለጽ የሚያስችል ስሌት ቀመረ፤ ኩባንያው ግን ሥራውን ለረጅም ጊዜ በምስጢር ያዘው። ብዙም ሳይቆይ የሬኖው መሐንዲስ ፒየር ቤዚየ በራሱ መንገድ እዚያው ውጤት ላይ ደረሰና ለሕዝብ አሳተመው፤ በዚህም ምክንያት መስመሮቹ ዛሬ በቤዚየ ስም ይጠራሉ። ከዚያ በፊት የመኪና ቅርጽ ይተላለፍ የነበረው በልክ በተሣሉ ትልልቅ ንድፎችና ከእንጨት ወይም ከጄሶ በተሠራ ዋና ሞዴል ነበር። ንድፉን የሚያነብ ሰው በተቀየረ ቁጥር ቅርጹም ትንሽ ትንሽ ይለወጥ ነበር። ቤዚየ የፈለገው ከንድፍ ክፍሉ እስከ ማሽኑ ድረስ ማንም እንደገና ሊተረጉመው የማይችል አንድ ቁጥራዊ ቅርጽ ነበር።

ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ የታጠፈ መስመር ለመሥራት ስድስት ነጥቦች አስቀመጡ እንበል። መስመሩ ከመጀመሪያው ነጥብ ይነሣል፣ በመጨረሻው ነጥብ ያልቃል። መሐል ያሉትን አራቱን ግን አይነካቸውም፤ እነሱ መስመሩን ከሩቅ ወደራሳቸው ይስባሉ። ለእኛ የሚጠቅመን ምስጢር በነጥቦቹ ተራ ውስጥ አለ። መስመሩ የት እንደሚጀምር የሚወስነው አንደኛው ነጥብ ብቻ ነው። ወደየት እንደሚያመራ የሚወስነው ሁለተኛው ነው። ሲነሣ ምን ያህል እንደሚጎብጥ የሚወስነው ደግሞ ሦስተኛው ሲጨመር ነው። አራተኛውና ከዚያ በኋላ ያሉት በመነሻው ላይ ባለው ጉብጠት ላይ ምንም ሥልጣን የላቸውም። ገጽ ሲሆን ነጥቦቹ በረድፍ በረድፍ ይደረደራሉ፤ ሕጉ ግን ያው ነው፤ መጋጠሚያውን የሚገዙት ከየጎኑ ያሉት ሦስት ሦስት ረድፎች ናቸው።

ሁለት ገጾች የሚጋጠሙባቸው ደረጃዎችም ከዚሁ ይወለዳሉ። ጠርዛቸው ብቻ ከተነካካ ባለሙያዎቹ G0 ይሉታል፤ መሐላቸው እንደ ሣጥን ማዕዘን ሊሰበር ይችላል። በመጋጠሚያው ላይ አቅጣጫቸውም አንድ ከሆነ G1 ነው። ማዕዘኑ ይጠፋል፣ እጅም ሲዳስሰው ልስልስ ነው። የጉብጠታቸው መጠን ጭምር እኩል ሲሆን G2 ይባላል። ጉብጠት የሚለካው በዚያ ቦታ ላይ መስመሩን በሚመስለው ክብ ራዲየስ ነው፤ ራዲየሱ ሲያጥር ጉብጠቱ ይበረታል፣ ሲረዝም መስመሩ ወደ ዝርግነት ይጠጋል። በG1ና በG2 መካከል ያለውን ልዩነት መኪና የሚነዳ ሰው በመሪው ያውቀዋል። ቀጥ ያለ መንገድ በቀጥታ ወደ ክብ አደባባይ ቅስት ቢገባ መንገዱ ማዕዘን ባይኖረውም ሾፌሩ መሪውን በቅጽበት ማዞር ይኖርበታል። መሪው ቀስ እያለ እንዲዞር የሚፈቅድ መንገድ ግን ጉብጠቱን ቀስ በቀስ የሚጨምር ነው።

እጅ ያላገኘውን ዓይን የሚያገኘው ለምንድን ነው? ነጸብራቅ የሚወሰነው ገጹ ወዴት እንደዞረ ነው፤ ገጹ በአንድ እጅ ሲያዘነብል የሚንጸባረቀው ጨረር በሁለት እጅ ይዞራል። አንድ መጋጠሚያ ላይ የአንድ አሥረኛ ዲግሪ ስብራት ቢኖር ከገጹ አምስት ሜትር ርቆ ያለ የአምፖል መስመር ነጸብራቅ በአሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ዘሎ ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል። በተጨማሪም ነጸብራቅ ሁልጊዜ ከገጹ በአንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። ገጹ G0 ብቻ ከሆነ ነጸብራቁ ይበጠሳል። G1 ከሆነ ነጸብራቁ ይገናኛል፤ ግን መጋጠሚያው ላይ ማዕዘን ሠርቶ ይታጠፋል። G2 ሲሆን ብቻ ነጸብራቁ ያለ ማዕዘን ይፈሳል። ምክንያቱም ጉብጠት ማለት የገጹ አቅጣጫ የሚለዋወጥበት ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ በድንገት ሲቀየር የብርሃኑ መስመር ያንን ቅጽበት በማዕዘን ይመዘግበዋል።

አሁን ወደ ፓራፋንጎው እንመለስ። ከጎማው በላይ፣ ከላይ ወደ ታች በሚወርድ አንድ መጋጠሚያ ላይ ሁለት ገጾች ይገናኛሉ እንበል። በበሩ በኩል ያለውን የኋላ ገጽ፣ በመብራቱ በኩል ያለውን ደግሞ የፊት ገጽ እንበላቸው። ባለሙያው በኮምፒዩተሩ ላይ ዜብራ የሚባለውን መመርመሪያ ይከፍታል፤ ይህ ጥቁርና ነጭ ሸንተረሮች በገጹ ላይ ሲንጸባረቁ የሚያሳይ ነው። ሸንተረሮቹ መጋጠሚያው ላይ ይገናኛሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው እዚያው ላይ ጎበጥ ሳይሉ ሹል እጥፋት ይሠራሉ። ስለዚህ አቅጣጫው ደኅና ነው፤ የታመመው ጉብጠቱ ነው ማለት ነው። በመጋጠሚያው ላይ ራዲየሱን ሲለካ በኋላው ገጽ 1200 ሚሊ ሜትር፣ በፊተኛው 1500 ሚሊ ሜትር ያገኛል።

የፊተኛው ገጽ በዚህ አቅጣጫ ስድስት ነጥቦች አሉት። ከመጋጠሚያው እስከ ሁለተኛው ነጥብ ያለውን ርቀት a እንበለው፤ 60 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስተኛው ነጥብ ገጹ ከሚያመራበት ቀጥተኛ መስመር ወደ ውስጥ የገባበትን ጥልቀት ደግሞ h እንበለው፤ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ስድስት ነጥብ ላለው መስመር ራዲየሱ እንዲህ ይሰላል፦

```
R = 5 × a² ÷ (4 × h)
R = 5 × 3600 ÷ 12 = 1500
```

ይህን ወደ 1200 ለማውረድ h ከ3 ሚሊ ሜትር ወደ 3.75 ከፍ ማለት አለበት። ሦስተኛው ነጥብ በሦስት አራተኛ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ነጥቡ ግን ገጹ ላይ አይደለም፤ ከሩቅ ነው የሚስበው። ከስድስቱ ሦስተኛው ነጥብ ሲንቀሳቀስ ገጹ ራሱ፣ በጣም በሚሰማው ቦታ እንኳ፣ የሚከተለው የእንቅስቃሴውን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ የሚደርሰው ለውጥ ቢበዛ 0.26 ሚሊ ሜትር ነው። በመጀመሪያ ያነሣናት ሩብ ሚሊ ሜትር ይህች ናት። ዜብራው ላይ ሹል የነበረው እጥፋት በእርሷ ይለሰልሳል።

ለጀማሪ ሥራው እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ሶፍትዌሩም «G2 ተሳክቷል» ብሎ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል። ልምድ ያለው ባለሙያ ግን ማበጠሪያ የሚባለውን መመርመሪያ ሳይከፍት ወንበሩን አይለቅም። ይህ መመርመሪያ በመስመሩ ላይ ቀጫጭን ጥርሶችን ያቆማል፤ ጉብጠቱ በበረታበት ጥርሱ ይረዝማል፣ በሳሳበት ያጥራል። መጋጠሚያው ላይ ሁለቱ ጥርሶች እኩል ቁመት ካላቸው G2 አለ። ዓይኑ የሚፈልገው ግን የጥርሶቹን ጫፍ ተከትሎ የሚሄደውን መስመር ነው። ሦስተኛው ረድፍ ብቻውን ተስቦ አራተኛውና አምስተኛው ባሉበት ከቀሩ፣ መጋጠሚያው ላይ የነበረው ስሕተት ወደ ገጹ መሐል ሸሽቶ እዚያ ጉብታ ሊሠራ ይችላል። በወረቀት ላይ G2 ያለው፣ በፀሐይ ላይ ግን የሚዋዥቅ ፓራፋንጎ የሚወለደው እንዲህ ነው። እኔ የዚህ ሙያ ትልቁ ክፍል ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቁጥሩን ማሟላትና ቅርጹን ማሳመር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

መድኃኒቱም አንድ ብቻ አይደለም። ባለሙያው ሦስተኛውን ነጥብ ሳይነካ ሁለተኛውን በራሱ አቅጣጫ ላይ ወደ መጋጠሚያው ማንሸራተት ይችላል። አቅጣጫው ስለማይቀየር G1 አይፈርስም፤ ርቀቱ ከ60 ወደ 53.7 ሚሊ ሜትር ሲያጥር ራዲየሱ 1200 ላይ ይደርሳል። ወይም ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ትንሽ ትንሽ ነክቶ፣ አራተኛውን ደግሞ አስከትሎ፣ የጥርሶቹ ጫፍ አንድ ወጥ ቁልቁለት እስኪይዝ ድረስ ይመላለሳል። ጊዜ የሚወስደው ይህ ምልልስ ነው። ብዙዎቹ ይህን የመጨረሻ ሥራ ለማሽን የማይተውትም ከሁለቱ ለውጦች የትኛው ለቅርጹ እንደሚስማማ ስሌቱ ብቻውን ስለማይናገር ነው።

ለምን የኋላውን ገጽ አልነካም ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። የኋላው ገጽ በዚህ አቅጣጫ አራት ነጥብ ብቻ እንዳለው አድርገን እንውሰድ። ከመጋጠሚያው ሲቆጠር ሦስተኛ የሆነው ነጥብ ከበሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛ ነው። ለመጋጠሚያው ጉብጠት ብለን ካንቀሳቀስነው በበሩ በኩል ያለውን አቅጣጫ እናበላሻለን፤ አንዱን ስናክም ሌላውን እናቆስላለን። ስድስት ነጥብ የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ሦስቱ ለአንዱ ጎን፣ ሦስቱ ለሌላው ጎን ይሆናሉ፤ ማንም የማንንም አይነካም። በሁለት ገጾች መካከል ገብቶ ሁለቱንም በG2 የሚያያይዝ ድልድይ ገጽ ከስድስት ባነሰ ነጥብ ያለ እንከን የሚሠራው ዕድል ሲቀናው ነው። ከዚህ አልፎ ጉብጠቱ የሚለዋወጥበት ፍጥነት ጭምር እኩል እንዲሆን የሚፈልጉ አሉ፤ ይህ G3 ሲሆን ስምንት ነጥብ ይጠይቃል። ነጥብ በጨመረ ቁጥር ግን ገጹ የመዋዠቅ ዕድሉም ይጨምራል፤ በደግ ጊዜ የተጨመረ ነጥብ በክፉ ጊዜ ዕዳ ይሆናል።

እስካሁን የተነጋገርነው በአንድ ቁመት ላይ ስለተቆረጠ አንድ መስመር ነው። መጋጠሚያው ግን ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፤ ስሌቱም በየቁመቱ መሟላት አለበት። የሁለቱ ገጾች ረድፎች በቁጥርም በቦታም ከተገጣጠሙ ይህ በሙሉ ሊሳካ ይችላል። በአንዱ በኩል አራት፣ በሌላው ሰባት ረድፍ ካለ፣ ወይም የአንደኛው ጠርዝ የተፈጥሮ ጠርዙ ሳይሆን መሐሉ ላይ ተቆርጦ የወጣ ከሆነ ግን ማጋጠሙ በግምት ብቻ ይሆናል፤ በተለካባቸው ቦታዎች እኩል ይሆንና በመካከላቸው ይሸሻል። የሠለጠነ ባለሙያ ገና ሲጀምር መጋጠሚያው የት እንደሚያልፍ በጥንቃቄ የሚመርጠው ለዚህ ነው። ጉብጠቱ በፍጥነት በሚለዋወጥበት ቦታ ላይ መጋጠሚያ ካኖረ በኋላ ላይ የፈለገውን ያህል ቢለፋ አይድንለትም።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ፓራፋንጎውና በሩ ጭራሽ አይነካኩም፤ መሐላቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ። ነጸብራቁ ግን ክፍተቱን ዘሎ ሳይታጠፍ መቀጠል አለበት። ስለዚህ ገጹ መጀመሪያ ክፍተት እንደሌለው ሆኖ በአንድነት ይሠራል፤ ክፍተቱ የሚቆረጠው በኋላ ነው። ሁሉም መጋጠሚያ G2 ይሁን ማለት ግን አይደለም። ንድፍ አውጪው ሆን ብሎ ሹል ያደረገው የጎን መስመር ሹል ሆኖ ይቀራል፤ ቆርቆሮው ወደ ውስጥ የሚታጠፍበት ጠባብ ጠርዝም በተራ የክብ ቅስት ቢሠራ ማንም አያየውም።

ከኮምፒዩተሩ በኋላ ደግሞ ብረቱ የራሱን ጠባይ ይዞ ይመጣል። የቦዲ ቆርቆሮ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ በማሽን ተጨፍልቆ ሲለቀቅ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። የቅርጽ ማውጫው ሠሪዎች ይህን መመለስ አስቀድመው አስልተው ማውጫውን ከሚፈለገው ቅርጽ ትንሽ ያዛንፉታል። የወጣው ቆርቆሮ ቀለም ስለሌለው አያንጸባርቅም፤ ስለዚህ ዘይት ይቀባና በረጃጅም አምፖሎች በተሞላ ክፍል ውስጥ ይታያል። ዝርግ የዘይት ድንጋይም በላዩ ላይ ይፈተጋል። ድንጋዩ የነካው ከፍ ያለ ቦታ ያበራል፣ ያልነካው ጎድጓዳ ቦታ ግን ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። በስክሪን ላይ ዜብራው ያሳየው ነገር እዚህ በእጅና በዓይን እንደገና ይፈተናል።

ይህ ሁሉ ፋብሪካ ላይ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። በየከተማችን ባሉ ጋራዦች የተጋጨ ፓራፋንጎ የሚያቀና ባለሙያ ያንኑ ፈተና በመዶሻ፣ በስቱኮና በብርጭቆ ወረቀት ይጋፈጣል። ስቱኮው ከቆርቆሮው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ መጋጠሚያ ነው። በአጭር እንጨት ወይም በጣት ተይዞ የተፈተገ ስቱኮ አብዛኛውን ጊዜ G1 ላይ ይቆማል፤ ሲዳስሱት ልስልስ ነው፣ ሲያበራ ግን ይሰበራል። በረጅም ማሸሻ፣ ከጠርዙ በሁለቱም በኩል አልፎ፣ በሰያፍ እየተመላለሱ ሲፈትጉት ጉብጠቱ ይቀራረባል። ቀለም ደግሞ ጉድለቱን አይሸፍነውም፤ እንዲያውም ክሊሩ ሲረጭ ያጋልጠዋል።

ስለዚህ መኪናዎ ለቦዲ ሥራ ጋራዥ ከገባ አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ቀለም ከመረጨቱ በፊት፣ ፕራይመር ላይ እያለ ያሳዩኝ ይበሉ። ፕራይመር ደብዛዛ ስለሆነ ውኃ ያፍስሱበት፤ እርጥብ ሳለ ያንጸባርቃል። ከዚያ ከፓራፋንጎው ጎን ዝቅ ብለው ቆመው የመብራት ምሰሶ ወይም የጣሪያ ጠርዝ ነጸብራቅ ይፈልጉ፤ ራስዎን ቀስ ብለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሱ። መስመሩ ከተጠገነው ቦታ ወደ አልተነካው ሲያልፍ ከተበጠሰ ወይም ሹል ማዕዘን ከሠራ፣ ቦታውን በጣትዎ ያሳዩና እንደገና እንዲፈተግ ያድርጉ። በዚያ ሰዓት ማስተካከሉ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው፤ ክሊሩ ከደረቀ በኋላ ግን ቀለሙን በሙሉ አንሥቶ እንደገና ከመጀመር ሌላ መንገድ የለም።